ዘፈቀደና ሥርዓት፦ በብዙ ዳይሜንሽን ኢንቴግሬሽን ውስጥ ያሉ ሁለት ዓይነት ስሕተቶች



ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ብዙ ተለዋዋጮች ያሉትን አንድ ኢንቴግራል በኮምፒውተር አስልቼ ውጤቱን ለአማካሪዬ አቀረብኩ። ነጥቦቹን የመረጥኩት በዘፈቀደ አልነበረም፤ ቦታውን በእኩል ይሸፍናሉ ከሚባሉት ተከታታዮች አንዱን ተጠቅሜ ነበር። ከውጤቱ ጎን የስሕተት ወሰኑን ጻፍኩ፤ ወሰኑም ጠባብ ስለነበረ ደስ ብሎኝ ነበር። አማካሪዬ ወረቀቱን ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «የተለዋዋጮቹን ቅደም ተከተል ገልብጥና እንደገና አስላው» አሉኝ። ገለበጥኩት። አዲሱ ውጤት ከጻፍኩት ወሰን እጅግ ርቆ ወጣ። ኢንቴግራሉ የትኛው ተለዋዋጭ አንደኛ፣ የትኛው መጨረሻ እንደሆነ አያውቅም፤ ነጥቦቼ ግን ያውቁ ነበር። ዛሬ የማብራራው ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለና እንዴት አስቀድሞ ሊታወቅ እንደሚችል ነው።

ጥያቄውን በግልጽ እናስቀምጠው። እያንዳንዳቸው በ0 እና በ1 መካከል የሚገኙ d ተለዋዋጮች ያሉት ፈንክሽን f ተሰጥቶናል፤ የምንፈልገው አማካይ ዋጋውን ነው። N ነጥቦችን መርጠን፣ በእያንዳንዱ ላይ f-ን አስልተን፣ አማካዩን እንወስዳለን። በአንድ ወይም በሁለት ተለዋዋጭ ጊዜ ነጥቦቹን እንደ መረብ መደርደር ይቻላል። በየአቅጣጫው 10 ነጥብ ብቻ ብናደርግ ግን ለ360 ተለዋዋጮች 10^360 ነጥቦች ያስፈልጉናል። ስለዚህ መረቡ ገና ከጅምሩ ከምርጫ ውጪ ነው፤ የሚቀሩን ሁለት መንገዶች ናቸው።

የመጀመሪያው ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ነው። ኮምፒውተሩ በሚያመነጫቸው አስመሳይ የዘፈቀደ ቁጥሮች ነጥቦቹን እንመርጣለን። ቁጥሮቹ በቀመር የሚወጡ ስለሆኑ በእውነቱ ዘፈቀደ አይደሉም፤ ነገር ግን ጥሩ አመንጪ ከተጠቀምን ጠባያቸው ነጻ ከሆኑ የዕጣ ቁጥሮች ጠባይ አይለይም። የዚህ መንገድ የተለመደው ስሕተት σ/√N ነው፤ σ የፈንክሽኑ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። በዚህ ቀመር ውስጥ d የለም። ተለዋዋጮቹ 3 ቢሆኑም 360 ቢሆኑም ነጥቦቹን 4 እጥፍ ብናደርግ ስሕተቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛም መልካም ጠባይ አለው፦ σ ከዚያው ከናሙናው ሊገመት ስለሚችል፣ ሞንቴ ካርሎ የራሱን ስሕተት ራሱ ይናገራል። ጉድለቱ ዝግታው ነው። አንድ ተጨማሪ ትክክለኛ አኃዝ ለማግኘት 100 እጥፍ ሥራ ይጠይቃል።

የዝግታው ምክንያት ምንድን ነው? ጤፍ በብተና ሲዘራ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ዘሩ አንዱ ዘንድ ይከማቻል፣ ሌላው ዘንድ መሬቱ ባዶ ይቀራል። የዘፈቀደ ነጥቦችም እንዲሁ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከእርሱ በፊት የወደቁት የት እንዳሉ አያውቅም። ሁለተኛው መንገድ በመስመር እንደ መዝራት ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ነጥብ ቀድሞ የተተወውን ክፍተት ፈልጎ ያርፋል። እነዚህን ነጥቦች ዝቅተኛ መዛነፍ ያላቸው ተከታታዮች እንላቸዋለን። መዛነፍ፣ በተለመደው አጠራር ዲስክሬፓንሲ፣ እንዲህ ይለካል፦ አንድ ጫፉ በመነሻው ነጥብ ላይ ያረፈ ማንኛውንም ሳጥን ወስደን፣ የሳጥኑን ይዘት በውስጡ ከወደቁት ነጥቦች ድርሻ ጋር እናነጻጽራለን፤ በሁሉም ሳጥኖች መካከል የሚገኘው ትልቁ ልዩነት መዛነፉ ነው።

ቀላሉን ተከታታይ ቫን ደር ኮርፑት በ1935 አቀረበው። ቁጥሮችን 1፣ 2፣ 3 እያልን በሁለትዮሽ እንጽፋለን፤ ከዚያ አኃዞቹን ገልብጠን ከነጥብ በኋላ እናስቀምጣለን። 1 ተገልብጦ 1/2 ይሆናል፤ 2 በሁለትዮሽ 10 ስለሆነ ተገልብጦ 0.01፣ ማለትም 1/4 ይሆናል፤ 3 ደግሞ 3/4 ይሆናል። ቀጥለው የሚመጡት 1/8፣ 5/8፣ 3/8 እና 7/8 ናቸው። መጀመሪያ መሐሉ፣ ቀጥሎ ሩቦቹ፣ ከዚያም በመካከላቸው ያሉት ስምንተኞች ይሞላሉ።

ጥቅሙን በቁጥር እንየው። f(x) = x ይሁን፤ ትክክለኛው አማካይ 1/2 ነው። ከ0 ጀምረን የዚህን ተከታታይ 1024 ነጥቦች ብንወስድ፣ ነጥቦቹ የ1/1024 ብዜቶች ሁሉ ናቸው፤ ስሕተቱም በትክክል 1/2048፣ ማለትም ወደ 0.0005 ገደማ ይሆናል። በዚያው ብዛት የሞንቴ ካርሎ የተለመደ ስሕተት 0.009 ነው። የመጀመሪያው ከ18 እጥፍ በላይ ያንሳል። ነጥቦቹን 4 እጥፍ ስናደርግ ልዩነቱ ይሰፋል፦ የሞንቴ ካርሎ ስሕተት ለ2 ሲካፈል የሥርዓታዊው ግን ለ4 ይካፈላል።

ወደ ብዙ ተለዋዋጮች ስንሻገር ሁለት ስሞች ይመጣሉ። ሃልተን በ1960 ለእያንዳንዱ ኮኦርዲኔት የተለየ ብቸኛ ቁጥርን እንደ ቤዝ መጠቀምን አቀረበ፦ ለመጀመሪያው 2፣ ለሁለተኛው 3፣ ለሦስተኛው 5፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሶቦል በ1967 በሁሉም ኮኦርዲኔት ላይ ቤዝ 2ን ይዞ፣ ኮኦርዲኔቶቹን በአኃዞቻቸው ቅልቅል የሚለይ ተከታታይ ሠራ። ለእነዚህ ተከታታዮች የኮክስማና የህላውካ ቲዎረም እንዲህ ይላል፦ ስሕተቱ ከፈንክሽኑ ጠቅላላ መወዛወዝና ከነጥቦቹ መዛነፍ ብዜት አይበልጥም። መዛነፉ ደግሞ ቢበዛ በ(log N)^d / N ልክ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። N እጅግ ሲበዛ ይህ ወሰን ከ1/√N በፍጥነት ይወርዳል። ነገር ግን መውረድ የሚጀምረው መቼ ነው? (log N)^d / N የተባለው መጠን N ወደ e^d እስኪደርስ ድረስ ጭራሽ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። d 12 ሲሆን ይህ ቁጥር ወደ 163,000 ይጠጋል፤ ይህን ኮምፒውተር ይችለዋል። d 360 ሲሆን ግን ወደ 10^156 ይደርሳል። ይህን ያህል ነጥብ ማንም አያሰላም። ስለዚህ ቲዎረሙን ብቻ ያነበበ ሰው፣ ተለዋዋጮች ሲበዙ ሥርዓታዊ ነጥቦች ዋጋ የላቸውም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ለረጅም ጊዜም የብዙዎች አስተያየት ይኸው ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ትራውብና ተማሪው ስፓሲሚር ፓስኮቭ ይህን አስተያየት በተግባር ፈተኑት። ጉዳዩ ከጎልድማን ሳክስ የተገኘ፣ በቤት ብድሮች ላይ የተመሠረተ ዋስትና ዋጋ ነበር። ብድሩ የ30 ዓመት፣ ክፍያው ወርኃዊ ስለሆነ ተለዋዋጮቹ 360 ናቸው፤ እያንዳንዱ የአንድ ወር የወለድ መጣኔ ለውጥን ይወክላል። ዋስትናው አሥር ክፍሎች ስላሉት የሚሰሉት ኢንቴግራሎችም አሥር ናቸው። ውጤቱ በ1995 ሲታተም፣ ሥርዓታዊዎቹ ተከታታዮች ሞንቴ ካርሎን በልጠው ተገኙ፤ ከእነርሱም የሶቦል ተከታታይ ከሃልተን የተሻለ ነበር። ቲዎረሙ አልተሳሳተም፤ የላይኛ ወሰን ብቻ ነበርና። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፦ 360 ተለዋዋጮች እያሉ ስሕተቱ ለምን ያን ያህል አነሰ?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሥርዓታዊ ነጥቦች የሚወድቁበትን ቦታ እንይ፤ የእኔም ስሕተት እዚያ ነበር። በ360 ዳይሜንሽን የሃልተን ተከታታይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቤዞች 359ኛውና 360ኛው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ እነርሱም 2417 እና 2423 ናቸው። ከ2417 በታች የሆነ ማንኛውም ቁጥር i በእነዚህ ቤዞች አንድ አኃዝ ብቻ ስላለው፣ ተገልብጦ i/2417 እና i/2423 ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 2416 ነጥቦች በእነዚህ ሁለት ኮኦርዲኔቶች ሲታዩ ከታች ግራ ጥግ ወደ ላይ ቀኝ ጥግ በሚሄድ አንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ተሰልፈዋል። የቀረው የካሬው ክፍል ባዶ ነው። የሁለቱ ቤዞች ጥምረት አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው ከ5,856,391 ነጥቦች በኋላ ነው።

አሁን ፈንክሽናችን 12(x − 1/2)(y − 1/2) ይሁን፤ x 359ኛው፣ y 360ኛው ተለዋዋጭ ናቸው። ትክክለኛው አማካይ 0፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም 1 ነው። በ2416 የዘፈቀደ ነጥቦች የተለመደው ስሕተት 0.02 ገደማ ይሆናል። በሃልተን ነጥቦች ግን በመስመሩ ላይ x እና y እኩል ለመሆን ጥቂት ስለሚቀራቸው፣ ብዜታቸው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አዎንታዊ ነው፤ አማካዩም 0.997 ይወጣል። ዜሮ መሆን የነበረበት መልስ አንድ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ስሕተቱ ራሱን አለማሳወቁ ነው። እኔ በተማሪነቴ እንዳደረግሁት፣ የእነዚህን 2416 ዋጋዎች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አስልተን ለ√N ብናካፍል 0.018 እናገኛለን። «1.00፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.02» ብለን እንጽፋለን፤ ትክክለኛው መልስ ግን ዜሮ ነው። ቀደም ሲል ባየነው በf(x) = x ምሳሌ ይኸው ቀመር ስሕተቱን 0.009 ይለዋል፤ እውነተኛው ግን 0.0005 ነው። አንድ ቀመር በአንድ ቦታ ስሕተቱን 18 እጥፍ ያጋንነዋል፣ በሌላ ቦታ ከ50 እጥፍ በላይ ያሳንሰዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። σ/√N የተመሠረተው ነጥቦቹ እርስ በርሳቸው ነጻ ናቸው በሚል ግምት ላይ ነው፤ እነዚህ ነጥቦች ግን ጥቅማቸውን የሚያገኙት ነጻ ባለመሆናቸው ነው። የሁለቱ መንገዶች ስሕተት በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ይለያል ያልኩት ለዚህ ነው። የአንዱ ስሕተት የዕድል ነው፤ በስታቲስቲክስ ይለካል። የሌላው ስሕተት የመገጣጠም ነው፤ የፈንክሽኑ አስፈላጊ አቅጣጫዎች ነጥቦቹ በደንብ ከተሰራጩባቸው ኮኦርዲኔቶች ጋር መግጠም አለመግጠማቸው ይወስነዋል።

የፓስኮቭና የትራውብ ውጤትም የሚብራራው በዚሁ ነው። ካፍሊሽ፣ ሞሮኮፍና ኦወን በ1997 ያቀረቡት ትንታኔ፣ ወሳኙ የተለዋዋጮች ብዛት ሳይሆን ውጤታማ ዳይሜንሽን የሚባለው እንደሆነ አሳየ። አንድ ፈንክሽን 360 ተለዋዋጮች ኖረውት ቫሪያንሱ በአብዛኛው ከጥቂቶቹ ሊመጣ ይችላል፤ ወይም እያንዳንዱ ለየብቻው እየተደመረ፣ ሦስትና አራት ተለዋዋጮች አብረው የሚፈጥሩት ውጤት እዚህ ግባ የማይባል ሊሆን ይችላል። የቤት ብድሩ ዋስትና ወደ ሁለተኛው ያደላል። እንዲህ ላለ ፈንክሽን ነጥቦቹ በአንድ በአንድና በሁለት በሁለት ኮኦርዲኔት ሲታዩ ጥሩ ስርጭት ካላቸው ይበቃል፤ በ360 ዳይሜንሽን ቦታውን ሁሉ መሸፈን አይጠበቅባቸውም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። ውጤታማ ዳይሜንሽን የተፈጥሮ ዕጣ ብቻ አይደለም፤ እኛም ልንቀንሰው እንችላለን። በየወሩ በዘፈቀደ የሚንቀሳቀስ የ360 ወራት የብራውን ጉዞ አስቡ፤ የምንፈልገው በጉዞው አማካይ ከፍታ ላይ የተመሠረተ ዋጋ ነው እንበል። በተለመደው አሠራር አንደኛው ኮኦርዲኔት የመጀመሪያውን ወር እርምጃ፣ ሁለተኛው የሁለተኛውን ይወስናል። በዚህ አሠራር የመጀመሪያው ኮኦርዲኔት ከአማካዩ ቫሪያንስ የሚያብራራው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው፤ ሸክሙ ለብዙዎች ተከፋፍሏል።

የብራውን ድልድይ በሚባለው አሠራር ግን ቅደም ተከተሉን እንለውጣለን። የመጀመሪያው ኮኦርዲኔት ጉዞው በ360ኛው ወር የት እንደሚያበቃ ይወስናል። ሁለተኛው በሁለቱ ጫፎች መካከል 180ኛው ወር ላይ ያለውን ቦታ፣ ቀጣዮቹ የሩቦቹን ቦታ ይወስናሉ። ከቫን ደር ኮርፑት ቅደም ተከተል ጋር ያለውን መመሳሰል ሳታስተውሉ አትቀሩም። ሒሳቡን ብንሠራው፣ የመጀመሪያው ኮኦርዲኔት ከአማካዩ ቫሪያንስ 75 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ሁለተኛው 18.75 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱ አብረው 93.75 በመቶ ያህሉን ያዙ ማለት ነው፤ ለቀሩት 358 ኮኦርዲኔቶች የተረፈው አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። የጉዞው ስርጭት ከቀድሞው ጋር አንድ ነው። ለሞንቴ ካርሎ ይህ ለውጥ ምንም ትርጉም የለውም፤ σ አልተለወጠምና። ለሥርዓታዊ ነጥቦች ግን ብዙ ይለውጣል፦ ከባዱ ሸክም የተጫነው ነጥቦቹ በጣም በሚያምሩባቸው የመጀመሪያ ኮኦርዲኔቶች ላይ ነው፤ እነዚያ በመስመር የተሰለፉት የመጨረሻ ኮኦርዲኔቶች ምንም የሚያህል ጉዳት ማድረስ አይችሉም።

የቀረው ጥያቄ የስሕተቱ መለኪያ ነው። ሥርዓታዊ ነጥቦችን ስንመርጥ፣ ስሕተቱን ከናሙናው የማወቅን መብት አጥተናል። ይህን መብት መልሰን የምናገኘው ጥቂት ዘፈቀደን ወደ ሥርዓቱ በመመለስ ነው። ኦወን በ1995 ያቀረበው አሠራር የነጥቦቹን አኃዞች በዘፈቀደ ይበውዛል፤ ነገር ግን እኩል ስርጭታቸው እንዳይፈርስ አድርጎ ነው። ከብወዛው በኋላ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ሲታይ ሙሉ በሙሉ ዘፈቀደ ነው፤ አብረው ሲታዩ ግን ክፍተቶቹን እንደ ቀድሞው ይሞላሉ። ብወዛውን ከአንድ ጊዜ በላይ ስናደርገው እርስ በርሳቸው ነጻ የሆኑ ግምቶች እናገኛለን፤ የእነርሱ መለያየት እውነተኛውን ስሕተት ይነግረናል። በፓይተን እንዲህ ይጻፋል፦

```python
import numpy as np
from scipy.stats import qmc

R, m, d = 16, 10, 360
est = []
for r in range(R):
    x = qmc.Sobol(d, scramble=True).random_base2(m)
    est.append(f(x).mean())
print(np.mean(est), np.std(est, ddof=1) / np.sqrt(R))
```

እዚህ 1024 ነጥቦች ያሉት ስብስብ 16 ጊዜ ተበውዟል፤ ጠቅላላው 16,384 ነጥብ ነው። መጨረሻ ላይ የሚታተሙት ሁለቱ ቁጥሮች ግምቱና የስሕተቱ መጠን ናቸው። ለ√R የሚካፈለው የ16ቱ ግምቶች መለያየት እንጂ የ16,384ቱ ዋጋዎች መለያየት እንዳልሆነ አስተውሉ። በተጨማሪም ብወዛው መለኪያ ከመሆን አልፎ ያሻሽላል፦ ፈንክሽኑ በቂ ልስላሴ ካለው፣ ነጥቦቹን 4 እጥፍ ማድረግ ስሕተቱን እስከ 8 ጊዜ ሊቀንሰው ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄዎችን ልጨምር። የሶቦል ነጥቦች ብዛት የ2 ፓወር መሆን አለበት፤ በ1000 ላይ ማቆም ወይም የመጀመሪያው ነጥብ ዜሮ ነው ብሎ እርሱን መጣል ሚዛኑን ያፈርሰዋል፤ የፍጥነቱንም ጥቅም ያሳጣል። ሁለተኛ፣ ፈንክሽኑ በድንገት የሚዘል ከሆነ፣ የሚዘልበትም ድንበር ከኮኦርዲኔቶቹ አቅጣጫ ጋር የማይገጥም ከሆነ፣ የሥርዓቱ ትርፍ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ከሞንቴ ካርሎ ብዙም አይለይም። ይህን ለማወቅ በm = 8፣ 10 እና 12 አስልታችሁ ስሕተቱ በየደረጃው በምን ያህል እንደወረደ ተመልከቱ። በየደረጃው በግማሽ ብቻ ከወረደ፣ ሥርዓቱ አልሠራላችሁም።

አማካሪዬ የጠየቁኝን ያን ጥያቄ ዛሬ ለራሴ ተማሪዎች እጠይቃለሁ። ውጤት ይዘው ሲመጡ የተለዋዋጮቹን ቅደም ተከተል እንዲገለብጡ እነግራቸዋለሁ። መልሱ ከተጻፈው ወሰን ሳይወጣ ከቆየ፣ ወደ ሌላ ጥያቄ እናልፋለን። ከወጣ ግን ወሰኑ የተጻፈው ነጥቦቹ በማያሟሉት ግምት ላይ ነውና፣ ሥራው ከብወዛው እንደገና ይጀመራል።